የ45 ቀን ክትባት ማግስት ሕፃኑ አተኮሰው ተብሎ ማታ ሲደወል ነርሷ ምን ትጠይቅ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ማታ ማታ ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ። ‹ልጄን አተኮሰው› ብለው የሚደውሉ እናቶች ብዙ ናቸው፣ በተለይ የ45 ቀን ክትባት ባስከተቡ ማግስት። ክትባቱ ነው ብዬ ፓራሲታሞል ስጪው ልበላት ወይስ በዚህ ሌሊት ነይ ልበላት እያልኩ እጨነቃለሁ። ምን ምን ልጠይቅ? ከየትኛውስ ልጀምር? ከስልኩ አጠገብ ለጥፌ የምጠቀምበት ነገር ቢጽፉልኝ።»

ምላሽ፦

ሲስተር፣ ከውሳኔው ልጀምር፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ ከእሱ ይከተላሉ። 2 ወር ያልሞላው ሕፃን አተኮሰው ከተባለ፣ ትናንት ቢከተብም ባይከተብም፣ በዚያው ሌሊት የጤና ባለሙያ በአካል ሊያየው ይገባል። ለዚህ ዕድሜ «ሽሮፕ ስጪውና ጠዋት አምጪው» የሚል የስልክ መልስ የለም። ስለዚህ የእርስዎ ጥያቄዎች «ይምጣ ወይስ አይምጣ» የሚለውን ለመወሰን አይደሉም። እሱ በዕድሜውና በትኩሳቱ አልቋል። የቀሩት ጥያቄዎች የሚወስኑት በምን ፍጥነት፣ ወዴትና በምን እንደሚሄድ ነው። ይህን ከያዙ ጭንቀትዎ በግማሽ ይቀላል።

«ክትባቱ ነው» የሚለው ሐሳብ የሚያሳስተው ብዙ ጊዜ እውነት ስለሚሆን ነው። በ45 ቀን ጭኑ ላይ ከሚወጉት መርፌዎች አንዱ ፔንታቫለንት ነው፤ በውስጡ ያለው የትክትክ ክትባት ክፍል ትኩሳት ያመጣል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ይጀምርና በ48 ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። ችግሩ የደም ኢንፌክሽን፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ማጅራት ገትር የጀመረው ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያሳየው ያንኑ ትኩሳት ብቻ ሊሆን መቻሉ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ብዙ ጊዜ አንገቱ አይገተርም፣ ሽንቱን ሲሸና እንደሚያቃጥለው አይናገርም፤ ከመልካም ሁኔታ ወደ ከባድ ሕመም የሚሻገረውም በሰዓታት ውስጥ ነው። ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ነው፣ ስልክ ግን ሽንትም ደምም አይመረምርም። በአገራችን የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን የብብቱ ሙቀት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌላ ምንም ምልክት ባይኖረውም፣ ከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል ተብሎ ነው የሚታየው። «ትናንት ተከትቦ ከሆነ ይቅር» የሚል ሐረግ የለበትም። ክትባቱን ይመዝግቡት፣ ለሚያየው ሐኪምም ይነገር፤ ውሳኔው ውስጥ ግን አያስገቡት።

ቅደም ተከተሉን በአንድ ጥሪ ላስኪደው። ጊዜው ኅዳር 19 ነው እንበል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል፤ የምትደውለው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር እናት ናት። «ሲስተር፣ ትናንት የ45 ቀኑን አስከትቤው ሰውነቱ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ምን ልስጠው?» ትላለች። እጅ እጅዎን የሚበላዎት ወዲያው «ስንት ዲግሪ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሆናል። አይጠይቁ። መጀመሪያ ስልኩ ቢቋረጥ እንዴት እንደሚያገኟት ያረጋግጡ፦

«እህቴ፣ ካርድሽ እንዳያልቅ እኔ ልደውልልሽ፤ ይህ ቁጥር ያንቺ ነው? አጠገብሽ ያለ የሌላ ሰው ቁጥርም ስጪኝ። ቤታችሁ የት ነው፣ ብሎክ ስንት? ልጁ አሁን እጅሽ ላይ ነው?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን አትዝለሏት። ብዙ ጊዜ የሚደውለው አባት ከሥራ ቦታ ሆኖ ነው፤ ወይም እናትየዋ ሳሎን፣ ሕፃኑ ደግሞ መኝታ ቤት ከአያቱ ጋር ነው። ልጁን የማያይ ሰው የሚሰጥዎት መልስ ከአንድ ሰዓት በፊት የነበረውን ነው። ስልኩ ልጁን ወደያዘው ሰው ይሂድ፤ ድምጹም ስፒከር ላይ ይሁን፣ ሁለቱም እጆቿ ያስፈልጋሉና።

ቀጥሎ ዕድሜ። «ስንት ወሩ ነው?» ብለው ከጠየቁ «ሁለት ወር ሊሞላው ነው» ወይም «ሁለት ወሩ ነው» ይባላሉ፤ ሁለቱ መልሶች ደግሞ ለእኛ የተለያየ መንገድ ናቸው። የተወለደበትን ቀን ይጠይቁ። ቀኑ ከጠፋባት ክርስትና መነሳቱን ይጠይቁ፤ በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ስለምትነሳ ቶሎ ያሳውቅዎታል። በሌላ ቤት የክትባት ካርዱን አውጥተው ቀኑን እንዲያነቡልዎት ያድርጉ። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፦ የኛዋ እናት «ጥቅምት 3 ነው የተወለደው፣ ክርስትና ከተነሳ ሳምንት አልሞላውም» ትላለች። ከጥቅምት 27 ቀን፣ ከኅዳር 19፣ በድምሩ 46 ቀን። ከ60 በታች ነው። እዚህ ላይ ውሳኔው አልቋል፤ ይህ ሕፃን ዛሬ ማታ ይታያል። ያለ ጊዜው የተወለደ መሆኑንም በዚሁ ይጠይቁ፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ድንበሯ ላይ ያለውን ልጅ እንደ ታናሽ ይቁጠሩት።

አሁን ፍጥነቱን የሚወስኑት ጥያቄዎች መጡ፤ በእኔ እምነት የስልክ ሥራ ዋናው ችሎታ ያለው እዚህ ነው። «ይጠባል?» ብለው አይጠይቁ። እናት ሁሉ «አዎ ይጠባል» ነው የምትለው፤ አይጠባም ማለት እሷን የሚያስወቅስ ስለሚመስላት፣ ጡቱን አፉ ውስጥ ማስገባትም መጥባት ስለሚመስላት። የሚነገር ነገር ይጠይቁ፦

«ከእኩለ ቀን ጀምሮ ስንት ጊዜ ጠባ? ትናንት በዚህ ሰዓት ስንት ጊዜ ጠብቶ ነበር? ሲጠባ እስኪጠግብ ነው ወይስ ትንሽ ስቦ ይተኛል? በይ አሁን ስጪውና እኔ ስልኩ ላይ እጠብቃለሁ።»

እናትየዋ መጀመሪያ «ይጠባል ሲስተር» ነበር ያለችው። በዚህ መንገድ ስትጠየቅ ግን «ከምሳ ወዲህ ሁለት ጊዜ ነው፣ ትናንት አምስት ስድስት ጊዜ ነበር፤ ትንሽ ስቦ እንቅልፍ ይወስደዋል» አለች። አሁን ስትሰጠው ይይዛል፣ ጥቂት ይስብና ይለቃል። ይህ «ይጠባል» አይደለም፤ በወረቀትዎ ላይ «መጥባት ቀንሷል» ተብሎ ይጻፋል፣ ከትኩሳቱ ጋር ሆኖም ጉዳዩን ወደ «አሁኑኑ» ያሻግረዋል። እንደ ወትሮው ቢጠባ ኖሮም ይታይ ነበር፤ አሁን ግን ልብስ ማጠፍና ራት መብላት ሳያስፈልግ ይነሣሉ።

ንቃቱንም በተመሳሳይ መንገድ። «ፈዟል?» ብትባል ምን እንደሆነ አታውቅም፤ «ተኝቷል» ትላለች። «ካልሲውን አውልቂና ውስጥ እግሩን በጣትሽ ነካ ነካ አድርጊው። ዐይኑን ገለጠ? እጅ እግሩን አንቀሳቀሰ? አለቀሰ?» ይበሏት፣ ለቅሶውንም በስልኩ ይስሙት። ጠንካራ ለቅሶ መልካም ነው። ሲነካካ ብቻ የሚንቀሳቀስ ወይም ጨርሶ የማይንቀሳቀስ፣ ሲነሳ እንደ ጨርቅ የሚልፈሰፈስ፣ ለቅሶው ደካማ የሆነ ወይም ሲታቀፍ ይበልጥ የሚብስበት ሕፃን ከባድ ሕመም ላይ ነው። ለማንቀጥቀጥ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲጥለው እንደምናየው ዓይነት አይጠብቁ። «ዐይኑ አንድ ቦታ ላይ ፈጦ የቀረበት፣ ከንፈሩ ደጋግሞ የማኘክ ዓይነት እንቅስቃሴ ያሳየበት፣ እጁ ወይም እግሩ ስትይዢው የማይቆም መንቀጥቀጥ ያሳየበት ጊዜ አለ?» ይበሉ። እግረ መንገድዎን እርግብግቢቱን በመዳፏ እንድትዳስስ ያድርጉ፤ ሳያለቅስ ተነፍቶ ከቆመ እሱም የአደጋ ምልክት ነው።

አተነፋፈሱን በስልክ መቁጠር ይቻላል፣ እንዲያውም እናቶች ጥሩ ይሠሩታል። ሕፃኑ እያለቀሰ ወይም እየጠባ መሆን የለበትም። ልብሱን እስከ ደረቱ ትግለጥ፣ መብራት ይብራ። «ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር ‹አዎ› በይኝ፣ ሌላ ምንም አታውሪ» ይበሏትና ሰዓትዎን ይዘው ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። በዚህ ዕድሜ አተነፋፈስ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ቆም ስለሚል የ15 ሰከንድ ቆጠራን በ4 ማባዛት ያሳስታል። 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ሁለተኛውም 60 ከደረሰ ፈጣን ነው። ቆጠራው እንዳለቀ «አየር ሲያስገባ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል?» ብለው ይጠይቁ፣ ስልኩንም ወደ አፉ እንድታስጠጋ ያድርጉ፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ማቃሰት ካለ ይሰማዎታል። የኛው ሕፃን 54 ነው የተነፈሰው፣ ደረቱ አይሰረጉድም፣ አያቃስትም። ይህ መልካም ዜና ነው። አምቡላንስ እስኪመጣ መጠበቅ ሳያስፈልግ በተገኘው መኪና መሄድ ይችላል ማለት ነው። ግን ከመሄድ አያስቀረውም።

ሙቀቱ አሁን፣ በመጨረሻ ይመጣል። ቴርሞሜትር ካለ ብብቱን በደረቅ ጨርቅ ትጥረግና ጫፉን ብብቱ መሐል ላይ አድርጋ ክንዱን ጎኑ ላይ ትያዘው፣ ቴርሞሜትሩ እስኪጮህ ድረስ አታውጣው። ቁጥሩን እንድታነብልዎት ያድርጉ፤ «ብዙ ነው» ወይም «ትንሽ ነው» ብላ እንዳታልፈው። ኅዳር ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ አያትየዋ ሕፃኑን በብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ደርበውበት ይሆናል፤ ይህ ብቻውን ሙቀቱን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል እናውቃለን። ስለዚህ ትግለጠው። ተገልጦ ቆይቶ ሙቀቱ ዝቅ ቢል ግን መጀመሪያ የታየውን ቁጥር አይሰርዘውም። አንድ ጊዜ 37.5 የታየበት ሕፃን ይታያል። እናታችን መጀመሪያ 38.1፣ ጋቢው ከተነሳ በኋላ 37.8 ነው ያነበበችልን። ቴርሞሜትር የሌላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ለእነሱ ጎረቤት ዘንድ ፍለጋ አይላኩ። ሆዱንና ጀርባውን ዳስሳ «ያቃጥላል» ያለች እናት እንደለካች ይቆጠራል። በተቃራኒው የቀዘቀዘን ሕፃን እንዳትረሱ፦ ከ35.5 በታች የሆነ፣ ወይም ደረትና ሆዱ ሲዳሰስ የቀዘቀዘ፣ እንዳተኮሰው ሕፃን ያህል፣ አንዳንዴም የበለጠ ያሰጋል። በዚህ ዕድሜ ከባድ ኢንፌክሽን ሙቀትን ወደ ታችም ይጥላል።

በማንኛውም ጥያቄ ላይ «አላውቅም» ወይም «እንጃ» የሚል መልስ ካገኙ እንደ መጥፎ ምልክት ይመዝግቡት። ስልክ ላይ ማየት ስለማይችሉ ጥርጣሬው ሁልጊዜ ለሕፃኑ ጥቅም ይተርጎም።

ውሳኔውን ሲነግሯት በአጭርና በማያሻማ አነጋገር ይሁን፦

«እህቴ፣ ልጅሽ 46 ቀኑ ነው፣ አተኩሶታል፣ መጥባትም ቀንሷል። ክትባቱ ሊሆን ይችላል፤ ግን በስልክ ልለየው የማልችለው ሌላ ሕመምም ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ አይጠበቅም፣ አሁን ውጡ። ክትባቱ ጥፋት አልሠራም፣ የሚቀጥለውም በጊዜው ይሰጠዋል።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። በዚህ ሌሊት የተጨነቀች እናት «ክትባቱ ልጄን ጎዳው» ብላ ከቀረች በ10ኛው ሳምንት አትመጣም፤ ያኔ የሳንባ ምችና የትክትክ መከላከያው ሳይሟላ ይቀራል። ለሆስፒታሉም የክትባት ካርዱን ይዛ እንድትሄድ ይንገሯት።

እስኪደርሱ ድረስ የሚደረገው ጥቂት ነው። መጥባት እስከቻለ ድረስ መኪና ውስጥም ቢሆን ጡት ይሰጠው፤ የደም ስኳሩ እንዳይወርድ የሚያደርገው ይኸው ነው። ጋቢው ይነሳ፣ ግን ራቁቱን አይውጣ፤ የለበሰው አንድ ልብስ፣ ካልሲና አንድ ሸፈን የሚያደርግ ጨርቅ ይበቃዋል። በቀዝቃዛ ውሃ ወይም በአልኮል አይጠረግ። ፓራሲታሞል ሳይታይ አይሰጠው፤ ትኩሳቱን አውርዶ «ተሻለው» ብለው ቤት እንዲቀሩ ያደርጋቸዋልና። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ እንዳይጨመቅለት፣ ውሃም ሆነ ማር እንዳይቀምስ በግልጽ ይጠይቁ። «ለልጁ ከዚህ በፊት የሰጣችሁት ነገር አለ?» ስትሏት ቁጣ በድምጻችሁ ውስጥ ካለ ትደብቅዎታለች። እንጥል ለማስቆረጥ ታስቦ ከሆነም ያኔውኑ ይወቁት፤ ባተኮሰው ሕፃን ላይ መድማትና ሌላ ኢንፌክሽን ይጨምርበታል።

ወዴት የሚለውን አስቀድመው ያዘጋጁት፣ በጥሪው መሐል አይታሰብም። ከእናንተ ዘንድ ማታ ሕፃን አይቶ መርፌ የሚሰጥ ባለሙያ ካለ ወደ እናንተ ይምጡ። ከሌለ ማታ የሚሠራውን የቅርብ ጤና ጣቢያ ይጠቁሙ፤ የአምፒሲሊንና የጄንታሚሲን የመጀመሪያ መርፌውን ሰጥቶ ወደ ሆስፒታል ማስተላለፍ ይችላል፣ ያ መርፌም ጊዜ ያተርፋል። ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ በኩል ወደ አቃቂ ቃሊቲ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ቀጥታ መሄድም ይቻላል። ያንቀጠቀጠው፣ ጨርሶ የማይጠባ፣ የማይነቃ፣ ደረቱ የሚሰረጉድ ወይም የሚያቃስት ከሆነ 907 ወይም 939 ይደወል፤ አምቡላንሱ ሊዘገይ እንደሚችል ከታወቀ ግን ጎረቤት ያለውን መኪና ከማስነሳት አይታገዱ። በዳር አካባቢ ማታ ባጃጅ እንደማይገኝ ያውቃሉ፤ የግቢውን ጥበቃ «መኪና ያለው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ፈጣኑ መንገድ ነው። ይህን ራስዎ ይጠቁሟት፤ የደነገጠ ሰው አያስታውሰውም።

እናትየዋ ብቻዋን ወሳኝ ላትሆን ትችላለች። ከጀርባ «ክትባት ሁሉንም ያተኩሳል፣ በዚህ ብርድ ሕፃን አይወጣም» የሚል ድምጽ ከሰሙ ከእናትየዋ ጋር አይከራከሩ። «እማማን ስልኩ ላይ ያገናኙኝ» ይበሉ። ለአያትየዋ በአክብሮት፦ «እማማ፣ እውነትዎን ነው፣ ክትባት ያተኩሳል። እኔ የፈራሁት ይህ ልጅ ገና 2 ወር ስላልሞላው ነው። ሐኪም አይቶት ክትባቱ ነው ካለ ተመልሳችሁ ትተኛላችሁ፤ ሌላ ነገር ከሆነ ግን ጠዋት ይመሽበታል።» አባት ከሆነ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ወይም መጓጓዣ ነው፤ ይጠይቁት፣ ምን እንደያዘው ሳያውቁ «ግዴታ ነው» ማለት አያስወጣውም።

2 ወር ለሞላውና ከዚያ በላይ ላለው ሕፃን ወረቀቱ ሌላ ነው፣ ባጭሩ ላስቀምጠው። መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ ማንቀጥቀጥ፣ መዛል ወይም አለመንቃት፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ አሁኑኑ። አተነፋፈሱ ዓመት እስኪሞላው በደቂቃ 50 ከደረሰ ዛሬውኑ ይታይ። 3 ወር ያልሞላው 38 ከደረሰ፣ ሌላ ነገር ባይኖረውም፣ እኔ በበኩሌ ያንኑ ቀን እንዲታይ እላለሁ። «ባለፈው ወር ወደ ቆላ ሄዳችሁ ነበር? አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ የቤተሰብ ሰርግ?» ብለው ይጠይቁ። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ወባ ብዙም አይታሰብም፣ ሄዶ ለመጣ ሕፃን ግን የደም ምርመራ ያስፈልጋል። «ጥርስ ሊያወጣ ነው» የሚለውን ማብራሪያ ከ38 በላይ ለሆነ ትኩሳት አይቀበሉ። ምንም የአደጋ ምልክት የሌለው፣ በደንብ የሚጠባና የሚጫወት ልጅ ቤት ሊቆይ ይችላል፤ ትኩሳቱ 2 ቀን ካለፈ ወይም ከምልክቶቹ አንዱ ከመጣ ግን ይምጣ።

ፓራሲታሞል የሚገባው እዚህ ነው፤ 3 ወር ላለፈውና ሙቀቱ 38.5 ለደረሰ ወይም ለተቸገረ ልጅ። መጠኑ በክብደት ነው፣ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ ቢያንስ 6 ሰዓት እያራራቁ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ያልበለጠ። ክብደቱን ከክትባት ካርዱ ላይ ያስነብቡ። ከዚያ ጠርሙሱን ታንብብልዎት፣ «ሽሮፕ ነው» ማለቷ አይበቃም። በብዛት የሚገኘው ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ነው፤ ለ6 ኪሎ ልጅ 2.5 ሚሊሊትር 60 ሚሊግራም ይሆናል፣ ትክክለኛ መጠን ነው። ጠብታ የሚባለው ትንሹ ጠርሙስ ግን በ1 ሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ሊሆን ይችላል። ከእሱ ያንኑ 2.5 ሚሊሊትር የሰጠች እናት 250 ሚሊግራም፣ ማለትም ከአራት እጥፍ በላይ ሰጠችው። ስለዚህ ቁጥሩ ካልተነበበልዎት መጠን አይናገሩ፤ የሻይ ማንኪያም ሳይሆን መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ትጠቀም። አስፕሪን ለሕፃን አይሰጥም።

ወረቀትዎ ላይ ያለው ረድፍ ስለዚህ ይህ ይሁን፦ ሁለት ስልክ ቁጥሮችና ሰፈር፣ የተወለደበት ቀንና የቀኑ ስሌት፣ የጠባበት ብዛት ዛሬና ትናንት፣ ሲነካ ያደረገው፣ ማንቀጥቀጥ፣ በደቂቃ ትንፋሽ፣ ሙቀት፣ የተሰጠው ነገር፣ ውሳኔ፣ ሰዓት። የዕድሜውን ረድፍ በቀይ ያስምሩት። ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት «ለባለቤትሽ ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ?» ብለው ይጠይቁ፤ «ሲስተር ክትባቱ ነው አለችኝ» ካለች መልእክቱ ስላልደረሰ እንደገና ይጀምሩ።

ከ45 ደቂቃ በኋላ መልሰው ይደውሉ። «ወጥታችኋል? የት ደረሳችሁ? አሁን ይጠባል?» ካልወጡ ምን እንደያዛቸው ይጠይቁና ያንን ብቻ ይፍቱ። ስልኳን ካላነሳች ወደ ሁለተኛው ቁጥር ይደውሉ፤ እሱም ካልመለሰ የተላኩበትን ጤና ጣቢያ ደውለው «የ46 ቀን ወንድ ሕፃን፣ ያተኮሰው፣ መጥባት የቀነሰ፣ ደርሷል?» ብለው ይጠይቁ፣ ካልደረሰም ብሎኩን የሚያውቅ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠዋት በሩን እንድታንኳኳ ስሙንና አድራሻውን ያስተላልፉላት።